ወንድሜ ከዘጠኝ ቀን በኋላ የገባበት ፎቶ

እናቴ ስድስት ልጆች ወልዳለች። ስድስታችንም በሕይወት አለን፣ ስድስታችንም እዚህ አገር ነን፤ ተመስገን። ስድስታችንም ባንድ ላይ ያለንበት ፎቶ ግን አልነበራትም። በመጀመሪያው ፎቶ ላይ የጎደልኩት እኔ ነኝ። በሁለተኛው ላይ የጎደለው ታላቅ ወንድሜ ነው። እኔ ስጎድል ማንም አልጻፈውም፤ እሱ ሲጎድል እንዲጻፍ ያደረግሁት እኔ ነኝ። በዚህ ምክንያት ቂመኛ የሚሉኝ አሉ። ይበሉ።

የመጀመሪያው ፎቶ የተነሣው ከጎንደር ከመጣን በሁለተኛው ዓመት፣ ገና በአዲስ ገቢዎች ማረፊያ፣ በሜርካዝ ቅሊጣ ሳለን ነው። እኔ በዚያ ሰዓት በአፉላ ኢንዱስትሪ ቀጠና በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቆሜ የተበጠሰ ክር እቀጥል ነበር። ከቤተሰቡ መጀመሪያ ሥራ የያዝኩት እኔ ነኝ። ከሥራ ስመለስ ሁሉም የበዓል ልብሳቸውን ለብሰው አገኘኋቸው። "ምን ተገኘ?" ብል፣ "ፎቶ አንሺ መጥቶ ነበር" አሉኝ። በቃ፣ ይኸው ነው። ፎቶው እስከ ዛሬ በወንድሜ ሳሎን ተሰቅሏል። ከሥሩ በገዛ እጁ "መላው ቤተሰብ" ብሎ ጽፎበታል። አንድ ቀን እኔው ራሴ የሻይ ትሪ ይዤ አጠገቡ ቆሜ ሳለሁ፣ ለአንድ እንግዳ "ይኸውልዎ፣ መላው ቤተሰብ" ብሎ አሳየው። እንግዳው ፎቶውን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ በትሕትና "እርስዎስ ጎረቤት ነዎት?" አለኝ። ወንድሜ ሳቀ። እኔ ሻዩን ቀዳሁ።

ሁለተኛው ፎቶ የዛሬ ዓመት ነው። እናታችን ዘጠና ዓመት ሞላት። መሙላቷን በእርግጥ የሚያውቅ የለም፤ የመንግሥት ወረቀት ነው እንዲህ የሚለው። እሷ "ወረቀቱ ያስረጀኛል" ትላለች፤ ግብዣው ሲመጣ ግን አልተቃወመችም። የታናሽ እህቴ ልጅ፣ እዚህ የተወለደችው፣ ሁሉን ነገር ያዘች። በሱኮት፣ በዳስ በዓል ሳምንት፣ ሰው ሁሉ ከሥራ በሚያርፍበት፣ እናቴ በምትኖርበት በጊቫት ሃሞሬ ሰፈር ከቤቷ በታች ባለው መናፈሻ እንድንሰበሰብ ወሰነች። መልእክቱን ለቤተሰቡ ሁሉ በስልክ በተነችው። ለእኔ ግን ለብቻዬ ደወለችልኝ።

"ዶዳ፣" አለችኝ፤ አክስቴ ማለቷ ነው፤ ዶድ፣ አጎት፣ የምትለው ደግሞ ታላቅ ወንድሜን ነው። "ለዶድ አንቺ ብትደውዪለትስ? መልእክት ብቻ ከሆነ ይቀየማል።"

እውነቷን ነው። በእኛ ዘንድ በኩር በቃል ይጠራል። በአገራችን ቢሆን አንድ ሰው ሸለቆ ተሻግሮ ደጁ ድረስ ሄዶ፣ ተቀምጦ፣ የከብቱን የእህሉን ጠይቆ ነበር የሚጠራው። ወንድሜ ያለው ቤት ሸአን ከተማ ነው፤ ከአፉላ በባቡር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ባቡር ተሳፍሬ እንድሄድለት ማንም አልጠየቀኝም፤ ስልክ ደውዪ ነው የተባልኩት። ደወልኩ። አላነሣም። ስለዚህ ጉዳይ ለጊዜው የምለው ይህን ብቻ ነው።

በቀኑ አርባ ሰው ያህል መጣ። ወንድሜ አልመጣም። ሚስቱና ልጆቹ መጥተዋል፤ "አልተመቸውም" አሉ፤ ዓይናቸው ግን የሚለው ሌላ ነበር። ፎቶ አንሺው መሃል ከተማ ሱቅ ያለው፣ ከሩሲያ የመጣ፣ ስድሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነው። የቤተሰባችን ወታደር ሁሉ የተነሣው እሱ ዘንድ ነው። አጭር መሰላል ይዞ መጣ። ረጃጅሞቹን ከኋላ፣ ሕፃናቱን ሣሩ ላይ አድርጎ በሦስት ረድፍ ደረደረን። እናቴ መሃል ላይ በራሷ የኩሽና ወንበር ተቀመጠች። እኔ በቀኟ ቆምኩ፣ እጄን የወንበሩ መደገፊያ ላይ አድርጌ። ከእኔ ቀጥሎ የታናሽ እህቴ ባል ነበር።

"ተጠጉ፣ ተጠጉ!" ይላል ፎቶ አንሺው።

እኔ አልተጠጋሁም። እሱም አልተጠጋም። ለምን እንደማልጠጋው በቤተሰባችን የታወቀ ነው፤ እዚህ አልጽፈውም። በመካከላችን አንድ ሰው የሚያስቆም ክፍተት ቀረ። ያ ክፍተት ኋላ ምን እንደሚያመጣብኝ ባውቅ ኖሮ አቅፌው እነሣ ነበር።

ፎቶው ታትሞ ሲመጣ እናቴ ከሐኪም ቤት የተሰጣትን ማጉያ መነጽር ይዛ ጎንበስ አለችበት። በጣቷ እያንዳንዳችንን ነካች።

"አምስት ናችሁ" አለች።

"ስድስተኛው አልተመቸውም፣ እማዬ" አለች ታናሽ እህቴ።

"ከታች ያለችው ጎረቤቴ የልጅ ልጇ ወታደር ቤት ሳለ ሌሎቹ ተነሡ። ኋላ አስገቡላት። አሁን ከእነሱ ጋር ቆሟል፤ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ለእኔም አስገቡልኝ። ስድስት ወልጄ ስድስቱን ባንድ ላይ ሳላይ ልሙት?"

ከዚህ በኋላ ማን ይከራከራል? የእህቴ ልጅ ደስ አላት። "ሳቭታ፣ ቀላል ነው!" አለቻት፤ አያቴ ማለቷ ነው። "ማንም አይለየውም፣ እንደ ነበረ ሆኖ ነው የሚወጣው።"

ይህን ጊዜ ነው እኔ አፌን የከፈትኩት።

"እንደ ነበረማ አይሆንም" አልኩ። "ይግባ። ሲገባ ግን ከሥሩ ይጻፍ። በዕለቱ አልነበረም፣ በኋላ ተጨመረ ተብሎ ይጻፍ። የልጅ ልጆቻችሁ ነገ አይተው 'አያታችን ነበር' እንዳይሉ።"

"ዶዳ፣ ለምን ታከብጂዋለሽ?"

"እኔ ነበርኩ። እሱ አልነበረም። ይኸው ነው ክብደቱ።"

እናቴ እጇን አወዛወዘች። "ጻፉት፤ ብቻ አስገቡልኝ።"

በማግሥቱ ከእህቴ ልጅ ጋር ወደ ፎቶ አንሺው ወረድን። እሱ ስለ ጽሑፉ ስነግረው ከእኔ ጋር ሆነ፤ በወንድሜ ጉዳይ ከእኔ ጋር የሆነ የመጀመሪያው ሰው ነው። "እኔ ሰው ስጨምር ሁልጊዜ እንዲጻፍ እጠይቃለሁ" አለ በዕብራይስጥ። "ያልተነካውንም ፎቶ ለብቻው አስቀምጣለሁ። ከሃያ ዓመት በኋላ የቱ የቱ እንደሆነ የሚያውቅ አይኖርም።" ከፎቶው በታች ነጭ ጠርዝ ይተዋል፤ ጽሑፉ እዚያ ላይ ይታተማል፣ በአማርኛም በዕብራይስጥም።

ችግሩ የወንድሜ ፎቶ ነበር። የእህቴ ልጅ ጠይቃው ሦስት ልኮልን ነበር። አንዱ በሰርግ አዳራሽ የተነሣው፣ ፊቱ በብልጭታ የነጣ። አንዱ በልጅ ልጁ የወታደር ምረቃ ላይ በጥቁር መነጽር። ሦስተኛው እሱ የወደደው ነው፤ ከወገቡ በላይ ብቻ፣ ክራቫት አስሮ፣ ወደ ሩቅ የሚያይ፣ ለምርጫ የሚወዳደር ይመስላል።

ፎቶ አንሺው አንድ በአንድ ጣላቸው። በመናፈሻው ፀሐይዋ ከጎን ነው የመጣችው፤ የሁላችንም አንድ ጉንጭ በርቶ ሌላው ጠቆር ብሏል። የአዳራሹ ፎቶ ከፊት ነው የበራው። በምረቃው ፎቶ ካሜራው ከደረቱ በታች ነው ያለው፤ የእኛን ግን መሰላል ላይ ወጥቶ ነው ያነሣን። "ከታች የታየ ሰው ከላይ ከታዩ ሰዎች መሃል ሲቆም፣ ሰው ምክንያቱን ባያውቅም ዓይኑ ይጠረጥራል" አለን። ባለ ክራቫቱ ደግሞ እግር የለውም።

"ከኋላ ረድፍ ቢሆን እግር አያስፈልግም" ብሎ መፍትሔ አመጣ። "ጭንቅላቱና ትከሻው ብቻ፣ ከልጆቹ ኋላ። ቀላሉ እሱ ነው።"

የእህቴ ልጅ እዚያው ደውላ ነገረችው፤ ስልኩን ሁላችንም እንድንሰማ ከፈተችው።

"ከልጆቼ ኋላ?" አለ ወንድሜ። "በኩር ሆኜ ከዛፍና ከልጆቼ መሃል አንገቴን ላሾልክ? ቀጭኔ ነኝ? እኔ ከእናቴ አጠገብ ነኝ፣ በቀኝ።"

"ቀኙ ተይዟል" አልኩት ከሩቅ።

"ማነው የያዘው?"

"አንተ ስትቀር የመጣ ሰው።"

ፎቶ አንሺው ቋንቋችንን ባያውቅም ነገሩ የገባው ይመስለኛል። ፎቶውን በኮምፒዩተሩ ላይ አሰፋና ጣቱን በእኔና በእህቴ ባል መካከል ባለው ክፍተት ላይ አሳረፈ። "እዚህ" አለ። "አንድ ሰው ልክ ይሆናል። እንዲያውም ለዚህ የተተወ ነው የሚመስለው።"

የእህቴን ባል ተጠግቼ ብቆም ኖሮ! ግን አልቆምኩም። በእኛ ረድፍ ደግሞ እግርም ይታያል፣ ሣሩ ላይ የሚያርፍ ጥላም ያስፈልጋል። ስለዚህ ወንድሜ ራሱ እንዲመጣ ተወሰነ፤ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት፣ ፀሐይዋ ብዙ ሳትሸሽ። ከዚያ በላይ ደግሞ ፎቶ አንሺው በፎቶው ላይ የነበረ አንድ ሰው በዚያው ልብሱ በቦታው ቆሞ መለኪያ እንዲሆነው ፈለገ። ያ ከሌለ ወንድሜ ከሰው አጥሮ ወይም ገዝፎ ሊወጣ ይችላል።

"አጠገቡ የሚቆሙት እርስዎ ነዎት" አለኝ። "ሌላ ሰው አይሆንም።"

ከግብዣው በዘጠነኛው ቀን፣ ያንኑ ሰማያዊ ቀሚሴን ለብሼ፣ ያንኑ ነጠላ ለብሼ መናፈሻው ወረድኩ። የእህቴ ልጅ የእናቴን የኩሽና ወንበር ተሸክማ ከኋላዬ። ፎቶ አንሺው የመጀመሪያውን ፎቶ በእጁ ይዞ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ የጥዱ ግንድና የመብራቱ ምሰሶ በፎቶው ላይ እንዳሉት ሆነው እስኪገጥሙለት ድረስ መሰላሉን በስንዝር በስንዝር ይገፋል። ወንድሜ ከባቡር ጣቢያው በታክሲ መጣ። ግራጫ ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ ጸጉሩን ቀለም ተቀብቷል። በዘጠኝ ቀን ውስጥ ጸጉሩ የጠቆረ ሰው እሱ ብቻ ነው።

"እንዴት ነሽ?" አለኝ።

"ደህና። አንቱስ?"

"ጀመርሽ።"

ወንድሜን አንተ ነው የምለው። አንቱ የምለው ስቆጣ ነው፤ ያውቃል።

ወንበሩ ቦታውን ያዘ፤ እኔ እጄን መደገፊያው ላይ አደረግሁ፤ ወንድሜ ከጎኔ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ቆመ። ፎቶ አንሺው መሰላሉ ላይ ወጣ። ያን ጊዜ ደመና መጣ። ከበዓሉ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ደመናዎች ናቸው፤ ሰባት ወር ዝናብ ያላየ አገር ደስ ሊለው ይገባል። ፎቶ አንሺው ግን በሩሲያኛ አንድ ነገር አለ። ደመና ካለ ጥላ የለም፤ ጥላ ከሌለ ብርሃኑ ከመጀመሪያው ፎቶ ጋር አይገጥምም። "አትንቀሳቀሱ" አለን። "በየትኛውም ደቂቃ ይገለጣል።"

ቆምን። ባዶ ወንበር ይዘን ቆምን። ከውሻ ጋር የሚሄዱ ሰዎች እያዩን አለፉ።

"ስንት ጊዜ ጠራ?" አለ ወንድሜ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፣ ወደ ካሜራው እያየ።

"ምኑ?"

"ስልኩ።"

"እኔ ቆጣሪ ነኝ?"

"አንዴ ነው የጠራው። እኔ ሳሎን ነበርኩ፣ ስልኩ ኩሽና። ተነሥቼ ጫማዬን ሳላጠልቅ ቆመ። ያንቺ ቁጥር ነበር።"

"መልሰህ አትደውልም ነበር?"

"የተጠራ ሰው ይሄዳል፤ ጥሩኝ ብሎ የሚደውል አለ?"

"ልጆችህ ያውቁ ነበር፣ ሚስትህ ታውቅ ነበር፤ ቤትህ ሁሉ ለብሶ ሲወጣ ወዴት የሚሄዱ መሰለህ?"

"ጥሪ የተባልሽው አንቺ ነሽና፣ አንቺን ጠበቅሁ። ዘጠና ዓመት የሞላት እናቴ ናት። አንድ ጊዜ! ለቧንቧ ሠራተኛ እንኳ ሰው ሦስት ጊዜ ያስጠራል።"

እንግዲህ ልጻፈው። አንዴ ነው የጠራው። ደወልኩ፤ ጥሪው ሲሰማኝ ጣቴ ራሱ ዘጋው። ደውያለሁ ለማለት ይበቃል ብዬ ነበር፤ ለእህቴ ልጅም "ደወልኩ፣ አላነሣም" አልኳት፤ ውሸት አልነበረበትም። እንዳይመጣ አልፈለግሁም። ደግሞ እንዲመጣ ብዙ አልደከምኩም።

ይህን ለእሱ አልነገርኩትም። ያልኩት ይህን ነው፦ "አንተ ስለ መጠራት ታወራለህ? ፎቶ አንሺ ሲመጣ እኔን ማን ጠራኝ? ፋብሪካው በእግር ሃያ ደቂቃ ነበር።"

"የቱ ፎቶ አንሺ?"

"ሳሎንህ የሰቀልከው። መላው ቤተሰብ!"

ደመናው አልተነቃነቀም። ፎቶ አንሺው ከመሰላሉ ላይ ሰማዩን ያያል። የእህቴ ልጅ ሣሩ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ትነካካለች።

"እሱ የቦታ ችግር ነው" አለ ወንድሜ በመጨረሻ።

"የምን ቦታ?"

"የመጻፊያ። 'መላው ቤተሰብ ከአንዷ እህታችን በስተቀር' ብዬ ልጽፍ ነበር። 'መላው ቤተሰብ' ላይ ስደርስ ወረቀቱ አለቀ።"

ዞሬ አየሁት። ፊቱ ላይ ምንም የለም፤ እንደ ሽማግሌ ዳኛ ኮስተር ብሏል። ወደ አርባ ዓመት ያብሰለሰልኩትን ነገር በወረቀት ጥበት ሊዘጋው!

"አንተ ውሸታም" አልኩት፤ ሳቅ ግን አመለጠኝ። ሳልፈልግ፣ ከሆዴ። እሱም ቀደም ሲል ይዞት የነበረ መሰለኝ፣ ለቀቀው። እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ፤ ያን ጊዜ ፀሐይዋ ወጣች። መሰላሉ ላይ ያለው ሰው ደጋግሞ ሲያነሣ ሰማሁት። ወዲያው ፊቴን ሰበሰብኩ።

"እጅህን አንሣ" አልኩት። አነሣ። ቀጥ ብለን ቆመን ሌላ ብዙ ተነሣን።

ከሦስት ቀን በኋላ ሱቁ ተሰበሰብን፤ እኔ፣ ወንድሜና የእህቴ ልጅ። ፎቶ አንሺው ሁለት ሥራ አዘጋጅቶ ጠበቀን። በመጀመሪያው ወንድሜን ለብቻው ቆርጦ ክፍተቱ ውስጥ አቁሞታል። ሥራው ንጹሕ ነው፤ ጫፉ አይታይም፣ ጥላው ሣሩ ላይ ተኝቷል። ግን ወንድሜ እጆቹን በጎኑ ለጥፎ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ የመታወቂያ ፎቶ የሚነሣ ሰው ነው የሚመስለው።

"የታሰረ እመስላለሁ" አለ ወንድሜ።

ሁለተኛውን አመጣ። እኔና ወንድሜ ነን፤ እጁ ትከሻዬ ላይ፣ ሁለታችንም አፋችን ተከፍቶ፣ እየሳቅን። የራሴ ጥላ ኮቱ ላይ ወድቋል። ከእናቴ አጠገብ፣ ከሁሉም ጋር፣ ከጥንት ጀምሮ እዚያ የቆምን እንመስላለን።

"ይህኛው!" አለች የእህቴ ልጅ።

"እዚህ ላይ ግን ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ" አለ ፎቶ አንሺው። "እሱን ብቻ መቁረጥ አልቻልኩም። እጁ ከትከሻዋ ጋር ነው፤ ጥላዋም ልብሱ ላይ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን የእሷን ምስል አውጥቼ በምትኩ ሁለቱንም ከሁለተኛው ቀን አስገብቻለሁ።"

መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። የእህቴ ልጅ ስልኳን አውጥታ ለጽሑፉ የምትለውን ስትጽፍ ነው የገባኝ። ጮክ ብላ አነበበችው፦ "በዚህ ፎቶ ላይ ያሉ ሁለት ሰዎች ከዘጠኝ ቀን በኋላ ተነሥተው የተጨመሩ ናቸው።"

"ሁለት?" አልኩ።

"አንቺና ዶድ።"

"እኔ ነበርኩ!"

"ነበርሽ ዶዳ፣ ግን ይህኛው ምስልሽ ከዚያ ቀን አይደለም። እውነቱ ይጻፍ ያልሽው አንቺ ነሽ።"

ወንድሜ ለሱቁ ጣራ ፈገግ አለ። አንድ ሰው በዚያ ቀን ፊቱን ቢያየው፣ ሕይወቱን ሙሉ ይህን ሲጠብቅ ኖሯል ይለው ነበር።

ሱቁ ውስጥ ያለችው አንዲት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ፎቶ እንዲሆን ማለት እችል ነበር፤ በዚያኛው እኔ የዚያ ቀን እኔ ነኝ፣ እሱ ብቻ ተጨማሪ። ግን የተገተረ ወንድሜን እናቴ በማጉያዋ ስታየው ታየኝ። የሚስቅ ልጇን ነው አስገቡልኝ ያለችው። እኔም ብሆን፣ በመጀመሪያው ቀን ፎቶ ላይ ፊቴ ከእህቴ ባል ዞሮ ኮምጣጤ የጠጣ ይመስላል።

"ሁለተኛው ይሁን" አልኩ። "ጽሑፉን ግን እኔ ነኝ የምናገረው። 'ሁለት ሰዎች' ብሎ ከእሱ ጋር መቀላቀል የለም። ጻፊ፦ በኩሩ ልጅ በዕለቱ አልነበረም፤ ከዘጠኝ ቀን በኋላ በዚያው ቦታ ተነሥቶ ተጨመረ። አጠገቡ ያለችው እህቱ በዕለቱ ነበረች፤ ይህ ምስሏ ግን ከእሱ ጋር በኋላ የተነሣ ነው።"

"ለምን እንዳልነበረም ይጻፋ" አለ ወንድሜ።

"ይጻፍ። በኩራቱ።"

"በሥራ ምክንያት።"

"ጡረተኛ ምን ሥራ አለው?"

"በጤና ምክንያት።"

"በዚያ ቀን ገበያ ታይተሃል፤ ሚስትህ ነግራናለች።"

"እንግዲያው እውነቱ ይጻፍ" አለ፤ ወደ እህቴ ልጅ ዞረ። "አክስትሽን ጠይቂያት። ስልኩ ስንት ጊዜ እንደ ጠራ ትንገርሽ።"

የእህቴ ልጅ አየችኝ። ፎቶ አንሺው እንኳ አየኝ። እሱም የሚጠበቀው ነገር መልስ መሆኑን ያወቀ ይመስል ነበር። 'ነበረች' የሚለው ቃል ስለ እኔ ታትሞ እናቴ ሳሎን እንዲሰቀል እፈልጋለሁ። ያ ቃል ግን አጠገቡ ውሸት ይዞ እንዲሰቀል አልፈልግም።

"አንድ ጊዜ" አልኩ። "አንድ ጊዜ ጠርቶ ዘጋሁት። ጻፊው። ደግሞ እሱ መልሶ አልደወለም፤ እሱንም ጻፊው። ከእኔ በፊት አድርጊው።"

"ካንቺ በኋላ ነው" አለ ወንድሜ። "መጀመሪያ አንቺ ነሽ የዘጋሽው።"

በቅደም ተከተሉ ላይ ሩብ ሰዓት ፈጀን። ፎቶ አንሺው ነጭ ጠርዙን ሁለት ጊዜ አሰፋው፤ ከዚህ በላይ ከሰፋ ፎቶው ሳይሆን ጽሑፉ ነው የሚሰቀለው አለን። እኔ ያልተነካውን የመጀመሪያ ፎቶ ለራሴ አንድ እንዲያትምልኝ አዘዝኩ፤ ኮምጣጤዬንም ቢሆን እፈልገዋለሁ።

ፎቶው በክፈፍ ሆኖ የእናቴ ቤት ገባ። ሦስታችንም ነበርን። እናቴ ማጉያዋን ይዛ አጎነበሰች፤ ጣቷ ከእኔ ወደ ወንድሜ ሄደ፣ ከወንድሜ ወደ ሌሎቹ፣ ስድስት። ደግማ ቆጠረች። ስድስት። ከንፈሯን በነጠላዋ ጠረገች። ከዚያ "ያ የተጻፈው ምን ይላል?" አለች። እኔ አነበብኩላት፤ ማን እንዳልነበረ፣ ማን እንደ ነበረ፣ ስልኩ ስንት ጊዜ እንደ ጠራ፣ ማን መልሶ እንዳልደወለ። እስከ መጨረሻው ሰማች።

"የእኔስ?" አለች።

"ምኑ፣ እማዬ?"

"እሱ አልነበረም አላችሁ። እሷ ነበረች አላችሁ። ስልኳ እንኳ ተጽፋለች። ዘጠና ዓመቷ ነው ብላችሁ አገር ሰብስባችሁ እኔ ነበርኩ የሚለው የቱ ጋ ነው?"

"እማዬ፣ መሃል ላይ ተቀምጠሽ ትታዪ የለም እንዴ?" አላት ወንድሜ።

"አንተስ አትታይም? ግን አልነበርክም።"

ወንድሜ እኔን አየኝ፤ እኔም እሱን። ወንድሜ ፎቶውን ከክፈፉ አወጣው። የእህቴ ልጅ እስክሪብቶ ፈለገች። እኔ ከታተመው ጽሑፍ በታች፣ በቀረችው ጥቂት ነጭ ቦታ፣ በማታ ትምህርት በተማርኩት ፊደል "እናታችን ነበረች" ብዬ ጻፍኩ።

"ጠመመ" አለ ወንድሜ በትከሻዬ ላይ አሻግሮ እያየ።

"አንብቢልኝ" አለች እናቴ። አነበብኩላት። ድገሚው አለችኝ፤ ደገምኩ።

"አሁን ስቀሉት" አለች።